የመጀመሪያው ክፍያ ለምን ይዘገያል?

የኦንላይን ውርርድ ድርጅቶች ገንዘብ ለመቀበል አይዘገዩም። ደንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ላውጣ ሲል ግን ብዙዎቹ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከሕግ የመነጨ ነው። ድርጅቱ የደንበኛው ዕድሜ መድረሱን፣ በሌላ ሰው ስም ወይም በተሰረቀ ካርድ አለመጫወቱን፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ለማስመሰል አለመሞከሩን ማጣራት ይጠበቅበታል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፎቶ ያለበት፣ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ነው፤ አንዳንዱ ድርጅት ሰልፊ ይጨምርበታል። ሁለተኛው የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር ያልበለጠው የመብራት ወይም የውሃ ቢል ወይም የባንክ ስቴትመንት ይሆናል። ሦስተኛው ገንዘቡ ገቢ የተደረገበት ካርድ ወይም ሒሳብ የደንበኛው የራሱ መሆኑን ያሳያል። የካርዱን ፎቶ የሚልክ ሰው መካከለኛዎቹን ቁጥሮችና ከጀርባ ያለውን የምስጢር ቁጥር መሸፈን አለበት። ገንዘቡ ከፍ ሲል የገቢ ምንጭም ይጠየቃል።

መዘግየቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የስም አለመመሳሰል ነው። ለምሳሌ ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ በራሱና በአባቱ ስም ይመዘገባል። ፓስፖርቱ የአያቱን ስም ይጨምራል፤ በባንክ ካርዱ ላይ ደግሞ የአባቱ ስም አንድ የላቲን ፊደል ጎድሎት ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ሦስቱን ማገናኘት ስለማይችል ጉዳዩ ወደ ሠራተኛ ይተላለፋል። ሰውየው ቤት የሚጋራ ከሆነ የመብራት ቢሉ በሌላ ሰው ስም ስለሚመጣ አድራሻውም ውድቅ ይሆናል። የባንክ ስቴትመንት ሲልክ ፋይሉ እንደ አዲስ ወረፋ ይይዛል፤ መካከል ላይ ቅዳሜና እሁድ ከገቡ ሳምንት ያልፋል። ጥጉ የተቆረጠ ወይም ብርሃን ያንጸባረቀበት ፎቶም እንዲሁ ይመለሳል።

ጥፋቱ ሁሉ ግን የደንበኛው አይደለም። ሰነዱን በምዝገባ ዕለት መጠየቅ እየቻለ እስከ ክፍያ ቀን የሚያቆይ፣ ከዚያም አንድ በአንድ የሚጠይቅ ድርጅት መዘግየቱን ራሱ ይፈጥረዋል። በቆይታው ደንበኛው ገንዘቡን መልሶ ሊያስይዘውና ሊያጣው ይችላል። የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን ከግንቦት 2019 ጀምሮ ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን ውርርድ ከመጀመሩ በፊት እንዲረጋገጡ አስገድዷል። ድርጅቱ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይችል የነበረውን መረጃ ለክፍያ ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግም ከልክሏል። በኋላ የመጣ ጥርጣሬን ማጣራት ግን አሁንም ይፈቀዳል።

ስለዚህ ሰነዶቹን ገንዘብ ከማስገባት በፊት ማስረከብ፣ ስምንም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አሟልቶ መመዝገብ ይበጃል። ማንነት ለማረጋገጥ ወይም ለግብር በሚል አስቀድመህ ገንዘብ ላክ የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን ማጭበርበር ነውና አንድም ሳንቲም አይላክ።