የፒያሳ የመንገድ መብራት ስንት ይሁን? የኅዳግ ጥቅምን ወደ ላይ ስለመደመር

በሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የንግድ መንገድ ላይ የሚተከል የመብራት ምሰሶ ሁለት ባሕርያት አሉት። ብርሃኑ ለአንዱ ነጋዴ ሲደርስ ለጎረቤቱ የሚደርሰው አይቀንስም፤ ያልከፈለውን ነጋዴ ከብርሃኑ ማግለልም አይቻልም። የምጣኔ ሀብት ጥናት እነዚህን ሁለት ባሕርያት የያዘውን አገልግሎት የጋራ መገልገያ ይለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄ በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ተገቢው የመብራት ብዛት እንዴት እንደሚወሰንና ገበያው ለብቻው ለምን ወደዚያ ብዛት እንደማይደርስ ነው።

ለማስረጃ ያህል በመንገዱ ላይ ሦስት ድርጅቶች ብቻ አሉ እንበል፤ አሃዞቹም ግምታዊ ናቸው። እስከ ምሽት የሚሠራ ካፌ፣ መድኃኒት ቤትና አመሻሽ ላይ የሚዘጋ የጨርቅ ሱቅ። የአንድ መብራት ወርሃዊ ወጪ 400 ብር ነው። የኅዳግ ጥቅም ማለት አንድ ተጨማሪ መብራት ለባለ ድርጅቱ የሚሰጠው ዋጋ ነው። Q የመብራቶች ብዛት ሲሆን የኅዳግ ጥቅሙ በብር እንደሚከተለው ነው።

ካፌ፦ 600 − 50Q
መድኃኒት ቤት፦ 360 − 20Q
ጨርቅ ሱቅ፦ 160 − 40Q (እስከ Q = 4፤ ከዚያ በላይ ዜሮ)

ነገሩ የቡና ስኒ ቢሆን ኖሮ የገበያው ፍላጎት ወደ ጎን ይደመር ነበር። በአንድ ዋጋ እያንዳንዱ ገዢ የሚፈልገው ብዛት ይለያያልና የሚደመረው ብዛቱ ነው። በመብራት ግን ሁሉም የሚጠቀሙት ያንኑ ብዛት ስለሆነ የሚለያየው ለዚያ ብዛት የሚሰጡት ዋጋ ነው። ስለዚህ ብዛቱ እንደ ቋሚ ተይዞ የሦስቱ የኅዳግ ጥቅም አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል። ጳውል ሳሙኤልሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መስፈርት የዚህ ድምር ከኅዳግ ወጪ ጋር መተካከል ነው።

ሲደመር የተለመደ ስሕተት አለ። ሦስቱን ቀመሮች በአንድ ጊዜ ደምሮ 1120 − 110Q = 400 ብሎ መፍታት 6.5 ገደማ መብራት ይሰጣል። ነገር ግን በዚህ ብዛት ላይ የጨርቅ ሱቁ ቀመር ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ስሌቱ በሌለ ጉዳት ድምሩን ይቀንሳል። ከአራት መብራት በኋላ ትክክለኛው ድምር 960 − 70Q ነው፤ ከ400 ጋር ሲተካከልም Q = 8 ይሆናል።

አሁን እያንዳንዱ ለብቻው ይወስን። ካፌው 600 − 50Q ከ400 ጋር እስኪተካከል አራት መብራት ያቆማል። መድኃኒት ቤቱ በአራተኛው ላይ የሚያገኘው የኅዳግ ጥቅም 280 ብር ነው፤ 400 ብር ከፍሎ አምስተኛውን አይጨምርም። ጨርቅ ሱቁም አይከፍልም። ሁለቱ በካፌው ወጪ ይጠቀማሉ፤ ይህ ነጻ ተሳፋሪነት ይባላል። ከአራት እስከ ስምንት ባለው ርቀት ላይ የድምሩና የወጪው ልዩነት ከ280 ብር ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የሚባክነው ጥቅምም የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ማለትም በወር 560 ብር ነው።

ኤሪክ ሊንዳል በ1919 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መፍትሔ እያንዳንዱ በተመረጠው ብዛት ላይ ባለው የኅዳግ ጥቅም ልክ ለአንድ መብራት እንዲከፍል ነው። በስምንት መብራት ካፌው 200፣ መድኃኒት ቤቱ 200 ብር ሲከፍሉ ጨርቅ ሱቁ ምንም አይከፍልም። የመጀመሪያዎቹ አራት መብራቶች ለጨርቅ ሱቁ 320 ብር ያህል ጥቅም ቢሰጡትም ድርሻው የሚወሰነው በኅዳጉ እንጂ በጠቅላላ ጥቅሙ አይደለም።

የስልቱ ችግር መረጃው በነጋዴው ልብ መሆኑ ነው። ክፍያው በተናገረው ጥቅም ልክ ከሆነ መድኃኒት ቤቱ "መብራት አያስፈልገኝም" ማለት ያዋጣዋል፤ ያኔ የሚመዘገበው ድምር የካፌውና የጨርቅ ሱቁ ብቻ ስለሚሆን ብዛቱ ወደ አራት ይመለሳል። ክፍያ ከሌለ ደግሞ ሁሉም ያጋንናል። ተመራማሪ ይህን የሚለየው ተመሳሳይ ነጋዴዎችን በሁለት የክፍያ ደንብ ጠይቆ ነው፤ መልሶቹ በእጅጉ ከተራራቁ የተለካው ጥቅሙ ሳይሆን ደንቡ ነው። ኤድዋርድ ክላርክ በ1971 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ እውነቱን መናገር እንዲያዋጣ ያደርጋል። በዚህ ዘዴ የወጪ ድርሻው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ንግግሩ ውሳኔውን የቀየረ ሰው ብቻ በሌሎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያህል ይጨምራል። ሆኖም ጭማሪው ለአባላቱ ከተመለሰላቸው እውነት መናገርን የሚያዋጣው ማትጊያ ሊበላሽ ይችላል፤ ጥቂቶች ከተመካከሩም ዘዴው ይከሽፋል።

እድር ይህን ሁሉ ሳያሰላ መዋጮ የሚሰበስበው ያልከፈለውን ከአገልግሎቱ ማግለል ስለሚችል ነው። የመንገድ መብራት ይህ ኃይል የለውም። ስለዚህ የእድርን አሠራር ወደ መብራት ማዛወር የሚሠራው ከፈቃደኝነት ይልቅ አስገዳጅ ክፍያ ሲታከልበት ነው፤ ያኔም ትክክለኛውን ብዛት የሚነግረው ወደ ላይ የተደመረው ጥቅም ነው፤ የክፍያው አስገዳጅነት ብዛቱን አይነግርም።