«ጉዳዩ» ጉዳዩን የማይናገርበት ደብዳቤ
ቀኑና ሥራው ከርዕሱ ካልተነበበ ጨረታም ዋስትናም መዝገብ ቤት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል

በጎንደር ከተማ አራዳ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ነጋዴ በዓመት ውስጥ ብዙ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ብዙም ይጽፋል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከባንክ፣ ከገቢዎች፣ ከዕቃ አቅራቢው ጋር የሚገናኘው በማኅተም ነው። በእነዚህ ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ ከተቀባዩ ስም ዝቅ ብሎ፣ ከስሩ ተሰምሮበት የሚቀመጥ አንድ መስመር አለ፤ «ጉዳዩ፡-» የሚለው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚጻፈው «ትብብር ስለመጠየቅ»፣ «ማሳወቅን ይመለከታል»፣ «ምላሽ ስለመስጠት» የመሰለ ነው። አንባቢው ይህን አንብቦ ምን እንዲያደርግ፣ እስከ መቼ እንዲያደርግ እንደተፈለገ አያውቅም።

የዚህ መስመር ጥቅም የሚታየው ደብዳቤው የሚጓዝበትን መንገድ ላየ ሰው ነው። ደብዳቤው መጀመሪያ የሚደርሰው መዝገብ ቤት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ላኪውንና ጉዳዩን ይመዘግባል። ሙሉውን ደብዳቤ አይገለብጥም፤ የሚገለብጠው ያቺን አንድ መስመር ነው። ቀጥሎ ደብዳቤው ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተደራርቦ ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው ለየትኛው ክፍል እንደሚመራው ሲወስን በቅድሚያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው መስመር ላይ ነው። በመጨረሻ ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ እጅ ሲደርስ ብቻ ነው ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች የሚነበበው። ስለዚህ ቀነ ገደቡ በሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ከተቀበረ፣ ሁለት ሰዎች ሳያዩት አሳልፈውታል ማለት ነው።

አንድ ዋስትና፣ ሁለት ደብዳቤ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የአራዳ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ተወዳድሯል እንበል። የጨረታ ማስከበሪያውን ያስያዘው በባንክ ዋስትና ሲሆን፣ ዋስትናው የሚያበቃው ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ግምገማው ባለማለቁ መሥሪያ ቤቱ ተጫራቾች ዋስትናቸውን በ30 ቀን እንዲያራዝሙ ይጠይቃል። ይህ በግዥ ሥራ የተለመደ ነው፤ ማራዘም ያልፈለገ ተጫራች ከውድድሩ ይወጣል። ደብዳቤው ጥር 6 ቀን ለሱቁ ይደርሳል፤ እንዲህም ይላል።

ጉዳዩ፡- የጨረታ ሰነድን ይመለከታል

የሱቁ ሠራተኛ ይህን አይቶ «ስለ ጨረታው የመጣ ነው» ብሎ ከጨረታው ፋይል ጋር ያያይዘዋል። ስህተት ሠራ ማለት አይቻልም፤ መስመሩ የነገረው ይኸንኑ ብቻ ነው። በዚህ መካከል ቅዳሜና እሑድ ያልፋሉ። እሑድ ጥር 10 ከተራ፣ ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው። በዚያ ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች፤ ነጋዴውም ገበያው ላይ ነው። ረቡዕ ጥር 13 ፋይሉን ሲከፍት ዋስትናው ተራዝሞ እስከ ማክሰኞ ጥር 19 ከቀኑ 11 ሰዓት መቅረብ እንዳለበት ያነባል። ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ቢያነበው ኖሮ ቅዳሜን፣ እሑድንና በዓሉን ሳይቆጥር 9 የሥራ ቀን ነበረው። አሁን የቀረው 5 ነው፤ በዚያ ውስጥ ባንኩ ማመልከቻ ተቀብሎ፣ አጽድቆ፣ ማራዘሚያውን አትሞ መስጠት አለበት።

መሥሪያ ቤቱ መስመሩን ለማሻሻል ቢፈልግ በመጀመሪያ የሚመጣለት እንዲህ ያለ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ፡- የጨረታ ዋስትናዎን እስከ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲያራዝሙ

ይህ ሥራውንም ቀኑንም ይዟል፤ ግን አደገኛ ነው። አንባቢው ዋስትናው የሚራዘመው እስከ ጥር 19 ድረስ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። በማራዘሚያ ጉዳይ ሁልጊዜ ሁለት ቀኖች አሉ፤ አንዱ ሰነዱ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን፣ ሌላው ዋስትናው አዲስ የሚያበቃበት ቀን። «እስከ» የምትለው ቃል ለሁለቱም ስለምታገለግል የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። የሚከተለው ግን ለሌላ ትርጉም በር አይከፍትም።

ጉዳዩ፡- የጨረታ ዋስትና በ30 ቀን ተራዝሞ ጥር 19 ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት እንዲቀርብ

እዚህ ላይ የማራዘሚያው ልክ በቀን ብዛት፣ የማቅረቢያው ጊዜ ደግሞ በቀንና በሰዓት ተቀምጧል። አዲሱ ማብቂያ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ፣ የጨረታው ቁጥርና የማያራዝም ተጫራች የሚገጥመው ውጤት ወደ ደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ይወርዳሉ። መስመሩ ሁሉን ልያዝ ካለ ማንም የማያነበው አንቀጽ ይሆናል።

አሁን ተራው የነጋዴው ነው። ለባንኩ የሚጽፈውን ደብዳቤ በልማድ «ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ ቢጀምረው፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በዚያን ቀን ከሚደርሱት የትብብር ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ይሆናል። ብድርም፣ የሒሳብ መግለጫም፣ የድጋፍ ደብዳቤም የሚጠየቀው በዚሁ ርዕስ ነውና። እንዲህ ቢለው ግን ደብዳቤው የሚመራበት ዴስክም፣ የሚፈለግበት ቀንም ወዲያው ይታወቃል።

ጉዳዩ፡- የጨረታ ዋስትና ለ30 ቀን እንዲራዘምልን፣ ሰነዱ ጥር 18 እንዲደርሰን

ነጋዴው የጠየቀው ጥር 19ን ሳይሆን ጥር 18ን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ለባንኩ የሚሰጠው ቀነ ገደብ ከራሱ ቀነ ገደብ አንድ የሥራ ቀን መቅደም አለበት፤ ማራዘሚያው ላይ የስም ወይም የቁጥር ስህተት ቢገኝ የሚታረምበት ጊዜ ይኖራል።

የቀን አጻጻፍ ነገር

ለአገራችን ነጋዴ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የሚሠራው በሁለት አቆጣጠር ነው። መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የባንክ ዋስትና ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛና በአውሮፓውያን ቀን ይዘጋጃል። በምሳሌው ያለው አዲስ ማብቂያ በእኛ የካቲት 20 ቀን 2018፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2026 ነው። ይህን «20/6/2018» ብሎ በአኃዝ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ካለፈ ብዙ ዓመት የሆነውን የአውሮፓውያን ጁን 20 ጽፏል ተብሎ ሊነበብበት ይችላል። ስለዚህ ወሩ በፊደል ይጻፍ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «11 ሰዓት» ብቻ ከማለት «ከቀኑ 11 ሰዓት» ማለት ይሻላል።

«በ21 ቀን ውስጥ» ዓይነት አጻጻፍም ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ሲሆን፣ የሚቆጠረው ውሳኔው ለግብር ከፋዩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ጸሐፊው አስቀድሞ ቆጥሮ ርዕሱ ላይ ሊያሰፍረው አይችልም፤ ደብዳቤው መቼ እንደሚደርስ አያውቅምና። ርዕሱ «ቅሬታ ካለ ይህ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ» ካለ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። የቀረው የተቀባዩ ሥራ ነው፤ ደብዳቤውን ፈርሞ ሲቀበል የደረሰበትን ቀንና ቆጥሮ ያገኘውን የመጨረሻ ቀን እዚያው ከርዕሱ አጠገብ በእስክሪብቶ መጻፍ።

«አስቸኳይ» ቀን አይተካም

አንዳንዱ ቀን ከመጻፍ ይልቅ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም መምታት ይቀለዋል። ለአንዱ አስቸኳይ ማለት ዛሬ ነው፤ ለሌላው በዚህ ሳምንት ነው። ደብዳቤ ሁሉ አስቸኳይ በሆነበት መዝገብ ቤት ደግሞ ማኅተሙ እንደ ጌጥ ይታያል። በአንጻሩ ምንም ሥራ የማይጠይቅ ደብዳቤም አለ፤ አድራሻ መቀየርን ወይም አዲስ የሱቅ ስልክን የሚያሳውቅ። እንዲህ ያለው «ለመረጃ ብቻ፣ አድራሻችን ስለመቀየሩ» ቢል ተቀባዩ መልስ ይጠበቅብኝ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። «ስለ» የምትለው ቃል ራሷ ክፉ አይደለችም፤ ችግሩ ሥራ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላይ ብቻዋን ስትቆም ነው።

ሁለት ጉዳይ በአንድ ርዕስ ማስፈርም እንዲሁ ያጣላል። ዋስትና ማራዘምንና የቆየ ሒሳብ መጠየቅን በአንድ ደብዳቤ የጻፈ ነጋዴ፣ ደብዳቤው ወደ አንዱ ክፍል ብቻ ተመርቶ ሌላው ጥያቄ ሜዳ ላይ ሊቀርበት ይችላል። ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት ርዕስ ነው መፍትሔው።

በኢሜይል ሲሆን

ዛሬ ብዙው መልእክት በኢሜይል ይሄዳል፤ የሚነበበውም በስልክ ነው። የስልኩ ጠባብ ገጽ ከርዕሱ የሚያሳየው መጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ቀሪው በነጥብ ይቆረጣል። ይህ ደግሞ ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ፈተና ነው። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው በመጨረሻ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው ዋናው ነገር፣ ማለትም «እንዲራዘም» ወይም «እንዲቀርብ» የሚለው ነው። በወረቀት ላይ ያማረው ርዕስ በስልክ ላይ «የጨረታ ዋስትና በ30 ቀን…» ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በኢሜይል ቀኑ ወደ ፊት ይምጣ፣ ግሡም ይጠር።

እስከ ጥር 18፡- ዋስትና ይራዘምልን (30 ቀን)

ቀኑ ሲለወጥም ርዕሱ አብሮ ይለወጥ። አሮጌውን ኢሜይል ከፍቶ «መልስ» የሚለውን በመጫን አዲስ ጥያቄ የሚልክ ሰው፣ ያለፈውን ቀነ ገደብ እንደ አዲስ መልሶ ይልካል።

ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ርዕሱን መፈተን ጊዜ አይወስድም። ከርዕሱ በታች ያለውን ሁሉ በወረቀት ሸፍኖ ጉዳዩን ለማያውቅ የሱቁ ሠራተኛ ማሳየትና «ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስቱንም ከመለሰ ይፈረም። አንዱን ካጣው፣ የጎደለውን ከደብዳቤው ሆድ አውጥቶ ወደ ርዕሱ ማምጣት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ እዚያው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።