የጠፋው 29 ግራም

የስቶይኪዮሜትሪ መልመጃ የሚያርም ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ቁጥሩ ከመልስ ወረቀቱ ጋር ከገጠመ ያልፋል፤ ካልገጠመ ይሰረዛል። እንዲህ ሲታረም ተማሪው መሳሳቱን እንጂ የት ቦታ እንደተሳሳተ አያውቅም። የሚያሳዝነው ደግሞ የመልስ ወረቀት ጨርሶ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። አንድ መልመጃ በትክክል መሠራቱን ከራሱ ከመልመጃው ማወቅ ይቻላል፤ ስህተት ካለውም ብዙ ጊዜ ስህተቱ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ይህን በአንድ ጥያቄ እንየው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ 29 ግራም ቡቴን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ስንት ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል? ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ስንት ግራም ውሃስ ይወጣዋል? ቡቴን በምድጃ ሲሊንደር ውስጥ ከሚሞሉት ጋዞች አንዱ ነው። ፎርሙላው C₄H₁₀ ነው፤ አንዷ ሞለኪውል አራት የካርቦንና አሥር የሃይድሮጅን አቶሞች አሏት ማለት ነው።

መጀመሪያ እኩልታውን ማመጣጠን ያስፈልጋል። አንድ ቡቴን ብንወስድ አራቱ ካርቦኖች አራት CO₂ ይሆናሉ፤ አሥሩ ሃይድሮጅኖች ደግሞ አምስት H₂O። አሁን በቀኝ በኩል ያለውን ኦክስጅን እንቁጠር። ከአራቱ CO₂ ስምንት፣ ከአምስቱ H₂O አምስት፣ በድምሩ 13 አቶሞች ናቸው። ኦክስጅን በአየር ውስጥ የሚገኘው ሁለት ሁለት ሆኖ፣ O₂ ሆኖ ነው። ስለዚህ 13 አቶም ለማግኘት ስድስት ተኩል O₂ ያስፈልጋል። ግማሹን ለማስቀረት ሁሉንም በሁለት እናባዛለን፦

2C₄H₁₀ + 13O₂ → 8CO₂ + 10H₂O

ይህን መስመር ለመፈተሽ አቶሞችን እንደገና መቁጠር ይበቃል። ከፊት ያለው ቁጥር ከግርጌ ባለው ቁጥር ይባዛል። ካርቦን በግራ 8፣ በቀኝ 8። ሃይድሮጅን በግራ 20፣ በቀኝ 20። ኦክስጅን በግራ 26፣ በቀኝ ደግሞ 16 እና 10 ተደምረው 26። አንዳንድ ተማሪ እዚህ ጋ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል፤ የፊት ቁጥሮችን ራሳቸውን ይደምርና በግራ 15፣ በቀኝ 18 ሲያገኝ እኩልታው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ሞለኪውሎች ተሰባብረው ሌላ ሞለኪውል ስለሚሠሩ ቁጥራቸው ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። እንዳለ የሚቀረው የአቶሞቹ ቁጥር ነው፤ ከነሱም ጋር ክብደታቸው። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚየ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያጸናው ይህንኑ ነው፤ በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ከገባው ክብደት አንዳችም አይጠፋም፣ አንዳችም አይጨመርም።

ወደ ስሌቱ እንሂድ። እኩልታው የሚናገረው በሞል እንጂ በግራም አይደለም። ሞል እንደ ደርዘን ያለ የቆጠራ መለኪያ ነው፤ ልዩነቱ የሚቆጥራቸው ነገሮች እጅግ ብዙ መሆናቸው ነው። ሚዛን ላይ ያለንን 29 ግራም ወደ ሞል ለመለወጥ የአንድ ሞል ቡቴን ክብደት ያስፈልገናል። ካርቦን 12፣ ሃይድሮጅን 1 ብለን ብንይዝ አራት ጊዜ 12 ሲደመር አሥር ጊዜ 1፣ 58 ግራም ይሆናል። 29 ለ58 ሲካፈል 0.5 ሞል። አሁን ነው የሞል ጥምርታው የሚገባው። ለ2 ሞል ቡቴን 13 ሞል ኦክስጅን ከተፈለገ ለ0.5 ሞል 3.25 ሞል ይፈለጋል። በዚያው መንገድ CO₂ 2 ሞል፣ ውሃ 2.5 ሞል ይወጣል። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ግራም ይመለሳል። O₂ በሞል 32 ግራም ስለሆነ 104 ግራም፤ CO₂ በሞል 44 ስለሆነ 88 ግራም፤ ውሃ በሞል 18 ስለሆነ 45 ግራም።

አሁን ክብደቱን እንመዝን። የገባው 29 እና 104፣ ድምሩ 133 ግራም። የወጣው 88 እና 45፣ ድምሩ 133 ግራም። ገጠመ። ልብ በሉ፤ ሦስቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በጥምርታ ነው ያገኘናቸው። ስለዚህ መግጠማቸው ማስረጃ ነው። አንዳንድ ተማሪ ግን ድካም ለመቀነስ ኦክስጅንና CO₂ን ይሠራና የውሃውን ክብደት ከድምሩ በመቀነስ ያገኘዋል። ያ ወረቀት ውስጡ ምንም ዓይነት ስህተት ቢኖር ሁልጊዜ ይገጥማል፤ እንዲገጥም ተደርጎ ነው የተሠራውና። በቅነሳ የተገኘ ቁጥር ፍተሻ ሊሆን አይችልም።

ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ደግሞ እንይ። በዚህ እኩልታ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የሚመጣው ስድስት ተኩሉን ለማጥፋት በሁለት ሲባዛ ነው። ተማሪው 6½ን 13፣ 4ን 8፣ 5ን 10 ያደርጋል። ቡቴን ግን ከፊቱ የተጻፈ ቁጥር የለውም፤ አንድ አይጻፍምና። ዓይን የሚባዛ ቁጥር ስላላየ ዘሎት ያልፋል፦

C₄H₁₀ + 13O₂ → 8CO₂ + 10H₂O

የሚገርመው ኦክስጅኑን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ይህ መስመር እንከን የለውም፤ 26 እና 26 ነው። ብዙዎች ደግሞ መጨረሻ ያስተካከሉት ኦክስጅንን ስለሆነ የሚፈትሹትም እሱን ብቻ ነው። በዚህ መስመር ሲሠራ 0.5 ሞል ቡቴን 6.5 ሞል ኦክስጅን ይጠይቃል፤ 208 ግራም ነው። CO₂ 4 ሞል፣ 176 ግራም፤ ውሃ 5 ሞል፣ 90 ግራም ይሆናል። የገባውን ስንደምር 237፣ የወጣውን ስንደምር 266 እናገኛለን። ልዩነቱ 29 ግራም ነው።

ይህ 29 የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም፤ ልክ የቡቴኑ ክብደት ነው። እኩልታው በቀኝ በኩል ሁለት ቡቴን የሚያወጣውን ጽፎ በግራ አንድ ብቻ ስላስገባ፣ ያልተቆጠረው ቡቴን በሚዛኑ ላይ ጉድለት ሆኖ ብቅ አለ። የመልስ ወረቀት ይህንን ሊነግረን አይችልም ነበር፤ «88 መሆን ሲገባው 176 ሆኗል» ብሎ ዝም ይላል። ልዩነቱ ግን የጠፋውን ነገር ክብደት ሳይቀር ይናገራል።

ሌላም አለ። እኩልታውን በትክክል ያመጣጠነ ተማሪ ከቡቴን ፊት ያለውን 2 አይቶ የሞሉን ክብደት 58 በማለት ፈንታ 116 ይላል። ከዚያ 29ን ለ116 አካፍሎ 0.25 ሞል ያገኛል፤ ቀጥሎ ጥምርታው ውስጥ ያንኑ 2 እንደገና ያስገባዋል። ውጤቱ 52 ግራም ኦክስጅን፣ 44 ግራም CO₂ እና 22.5 ግራም ውሃ ነው። የገባው 81፣ የወጣው 66.5፤ ልዩነቱ 14.5 ግራም፣ የቡቴኑ ግማሽ። ሚዛኑ ላይ 29 ግራም ቡቴን ተቀምጦ ስሌቱ የተጠቀመው ግማሹን ብቻ ነው። የፊት ቁጥር ቦታው አንድ ነው፤ ጥምርታው ውስጥ። የአንድ ሞል ክብደት ከፊት ባለው ቁጥር አይለወጥም።

ሦስተኛውና ምናልባትም ሥር የሰደደው ስህተት ሞልን ጨርሶ መዝለል ነው። 8 ለ2 አራት ስለሆነ 29 ግራምን በአራት አባዝቶ 116 ግራም CO₂ ማለት። በዚሁ መንገድ ኦክስጅኑ 188.5፣ ውሃው 145 ግራም ይሆናል፤ 217.5 ገብቶ 261 ይወጣል። እዚህ ልዩነቱ 43.5 ነው፤ ቡቴኑንም ሆነ ግማሹን አይመስልም። ምክንያቱም የቡቴን ሞለኪውል 58፣ የCO₂ 44 ሆነው ሳለ እኩል ይመዝናሉ ብሎ የተነሣ ስሌት ከየትም ቢያዝ መስመር አይይዝም።

ትንሽ ልዩነት ሲታይ ግን መደንገጥ አያስፈልግም። መምህሩ ካርቦንን 12.01፣ ሃይድሮጅንን 1.008 ብላችሁ ውሰዱ ካለ የቡቴን ሞል 58.12 ግራም ይሆናል። 29 ለ58.12 ሲካፈል ወደ 0.50 ይጠጋጋል። በዚህ ሲቀጠል CO₂ 88.02፣ ውሃ 45.04 ግራም ይመጣል። የወጣው 133.06፣ የገባው 133 ነው። ስድስት መቶኛ ግራም የማጠጋጋት ነገር እንጂ የስህተት አይደለም። እውነተኛ የጥምርታ ስህተት ከላይ እንዳየነው በአሥር ግራሞች ነው የሚናገረው።

ይህ ፍተሻ ሁሉንም አይይዝም፤ የማይዘውን ማወቅም የፍተሻው አካል ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

2C₄H₁₀ + 9O₂ → 8CO + 10H₂O

ቁጠሩት። ካርቦን 8 እና 8፣ ሃይድሮጅን 20 እና 20፣ ኦክስጅን 18 እና 18። ለ29 ግራም ቡቴን 72 ግራም ኦክስጅን ይገባል፤ 56 ግራም CO እና 45 ግራም ውሃ ይወጣል። 101 እና 101፣ ያለ ምንም ቀሪ። ግን ይህ የተጠየቀው አይደለም። CO ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አየር ባጠረው እሳት የሚወጣ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲያያዙ ሰው የሚገድለው ጋዝ። እኩልታው ራሱ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ጥያቄው ግን «ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል» ስላለ መልሱ አይደለም። የአቶም ቆጠራም ሆነ የክብደት ሚዛን የሚመሰክሩት ከግራ የገባው ሁሉ በቀኝ መውጣቱን ብቻ ነው፤ የወጣው ነገር ትክክለኛው ነገር መሆኑን አይመሰክሩም።

ስለዚህ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄው ውስጥ «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ቃሉ ከሌለና የኦክስጅኑ መጠን ከተሰጠ ደግሞ መጀመሪያ ያንን ከ104 ግራም ጋር አስተያዩት። ለ29 ግራም ቡቴን 104 ግራም ኦክስጅን ካልደረሰ ሁሉም ቡቴን ወደ CO₂ ሊለወጥ አይችልም፤ 88 ግራም ብሎ መመለስም አይቻልም።