ፒክሴል በዝቶ ምስል ለምን ይደፈርሳል?

አንድ ተማሪ የጥምቀትን በዓል በጃንሜዳ በ3840 በ2160 ፒክሴል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ቀረጸ እንበል። ዋናው ቅጂ ሲታይ የጃንጥላዎቹ ጥልፍና የእያንዳንዱ የውኃ ነጠብጣብ ብልጭታ ጥርት ብሎ ይለያል። አርትዖቱን ጨርሶ በ8 ሜጋቢት በሰከንድ ኤክስፖርት ሲያደርገው ግን ጥልፉ ይጠፋል፤ ጠበሉ በሚረጭበት ቅጽበትም የሕዝቡ ፊት በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። የአዲሱ ፋይል ሬዞሉሽን ከዋናው ጋር እኩል ነው። ታዲያ ዝርዝሩ ወዴት ሄደ?

ሬዞሉሽን የሚነግረን ምስሉ ስንት ነጥቦች እንዳሉት ብቻ ነው። ነጥቦቹን ለመግለጽ በየሰከንዱ የተፈቀደውን የመረጃ መጠን የሚወስነው ቢትሬት ነው። በምሳሌያችን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 3840 × 2160 × 25፣ ማለትም ከ207 ሚሊዮን በላይ ፒክሴሎች ያልፋሉ። 8 ሚሊዮን ቢት ለእነዚህ ሲከፋፈል ለ26 ፒክሴሎች በአማካይ አንድ ቢት ይደርሳል። ያልታመቀ ቪዲዮ፣ የቀለም መረጃው እንደ ልማዱ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ፣ ለአንድ ፒክሴል 12 ቢት ይፈልጋል። ስለዚህ ኮዴኩ መረጃውን ከ300 እጥፍ በላይ እንዲያሳንስ ታዟል ማለት ነው።

ኮዴክ ይህን የሚሞክረው በቅድሚያ በመገመት ነው። ለምሳሌ ኤች 264 ፍሬሙን 16 በ16 ፒክሴል ወደሆኑ ክፍሎች ይከፍልና «ይህ ክፍል ባለፈው ፍሬም ውስጥ ያለው ያ ክፍል ነው፤ ይህን ያህል ፒክሴል ተንቀሳቅሷል» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያም በግምቱና በእውነተኛው ምስል መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይጽፋል። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስተምር መምህር ከፍሬም ወደ ፍሬም ብዙም ስለማይለወጥ ልዩነቱ አነስተኛ ነው። የተረጨ ውኃ ግን በየፍሬሙ አዲስ ቅርጽ ስለሚይዝ ግምቱ ይከሽፋል፤ የሚጻፈውም ልዩነት እጅግ ይበዛል።

ቢቱ ሲያጥር የሚቆረጠው ይህ ልዩነት ነው። ኮዴኩ በመጀመሪያ ልዩነቱን በዝቅተኛና በከፍተኛ ድግግሞሽ ይለየዋል። ዝቅተኛው ሰፊውን የብርሃንና የጥላ ለውጥ፣ ከፍተኛው ደግሞ ጥልፍን፣ ፀጉርንና ነጠብጣብን ይሸከማል። ቀጥሎ ቁጥሮቹን በአንድ እርምጃ አካፍሎ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋቸዋል። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ የተደረደሩ 240፣ 66፣ 18 እና 7 የሚባሉ ቁጥሮች አሉን እንበል። እርምጃው 10 ሲሆን 24፣ 7፣ 2 እና 1 ይጻፋሉ፤ ቪዲዮው ሲከፈትም 240፣ 70፣ 20 እና 10 ሆነው ይመለሳሉ። እርምጃው 40 ሲሆን ግን 6፣ 2፣ 0 እና 0 ይጻፉና 240፣ 80፣ 0 እና 0 ይመለሳሉ። ሰፊው ቅርጽ ተረፈ፤ ረቂቁ ዝርዝር ጠፋ። በክፍሎቹ ድንበር ላይ የሚፈጠረውን የካሬ መስመር ደግሞ ኮዴኩ በራሱ ማጣሪያ ያለሰልሰዋል። ድፍርስነት የምንለው የእነዚህ የሁለቱ ድምር ውጤት ነው።

ያንኑ 8 ሜጋቢት ለ1920 በ1080 ብናውለው አንድ ቢት ለ6.5 ፒክሴል ያህል ይደርሳል። በከፍተኛ ሬዞሉሽን ጎረቤት ፒክሴሎች ይበልጥ ስለሚመሳሰሉ ጥቅሙ በትክክል አራት እጥፍ አይሆንም፤ ሆኖም እርምጃው ስለሚያንስ ጥልፉ ሊተርፍ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ፒክሴል የቀነሰው ፋይል የበለጠ ጥርት ብሎ ይታያል።

ኮዴክ መለወጥስ? በ2013 የወጣው ኤች 265 ተቀራራቢ ጥራትን በግማሽ ያህል ቢትሬት ሊሰጥ ይችላል። ይህም ማለት በ3840 በ2160 ያለው 8 ሜጋቢት የ16ን ያህል ይሠራል፤ አንድ ቢት ለ13 ፒክሴል እንደማለት ነው። መሻሻሉ ትልቅ ቢሆንም ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በዚያ ላይ ለማመቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎችም አይከፍቱትም።

መንስኤውን ለመለየት አንዱን ፍሬም በዋናው ቅጂና በኤክስፖርቱ አቁሞ ማስተያየት ይበቃል። ሁለቱም ከደበዘዙ ጥፋቱ የትኩረት ወይም የካሜራ እንቅስቃሴ ነው፤ ቢትሬት አያድነውም። ዋናው ጠርቶ ኤክስፖርቱ ከደፈረሰ፣ በተለይም ድፍርስነቱ በእንቅስቃሴ ጊዜ ከባሰ፣ ያጠረው ቢት ነው። ያን ጊዜ ከዋናው ቅጂ እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል፤ ወደ ዜሮ የተጠጋጋው ቁጥር ከደፈረሰው ፋይል አይመለስምና።

```
ffmpeg -i original.mov -vf scale=1920:-2 -c:v libx264 -crf 20 -c:a aac out.mp4
```

በዚህ ትእዛዝ `-crf` የሚወስነው ቢትሬትን ሳይሆን የጥራት ደረጃን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ኮዴኩ ለጸጥተኛው ትዕይንት ጥቂት፣ ለጠበሉ ርጭት ብዙ ቢት ይመድባል። ዋጋው የፋይሉ መጠን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። መጠኑ የግድ የተወሰነ ከሆነ ግን ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው፤ ፒክሴልን መቀነስ ወይም ድፍርስነትን መቀበል።