ደመወዝ ጎዶሎ ሂሳብ ላይ ሲገባ

አገር ቤት ኦቨርድራፍት ሲባል ነጋዴው ከባንኩ ጋር አስቀድሞ የሚዋዋለው ብድር ነው፤ የቁጠባ ደብተር ያለው ሰው ያለችውን ብቻ ያወጣል። አሜሪካ ግን የማንም ደመወዝተኛ ሂሳብ፣ ብድር ሳይጠይቅ፣ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ቼኪንግ አካውንቱ ውስጥ 60 ዶላር ብቻ ያለው ሰው እናስብ። ሐሙስ ዕለት የመኪና ኢንሹራንስ 140 ዶላር ይስባል። ባንኩ ክፍያውን ሊመልሰው ይችላል፤ ጉድለቱን ከራሱ ሸፍኖ ሊከፍለውም ይችላል። ከከፈለ ሂሳቡ በ80 ዶላር ይጎድላል። ብዙ ባንኮች ለዓመታት ሲያስከፍሉ የኖሩት 35 ዶላር ሲታከልበት ደግሞ ጉድለቱ 115 ይደርሳል።

ከ2010 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ አለ፦ ደንበኛው አስቀድሞ ካልተስማማ ባንኩ ለኤቲኤም ወጪና በዴቢት ካርድ ለሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢ የኦቨርድራፍት ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ቼክና እንደ ኢንሹራንሱ ከሂሳብ በቀጥታ የሚሳብ ክፍያ ግን በዚህ ከለላ ውስጥ የሉም። ካርዱ ሱቅ ላይ እምቢ ሲለው «እኔ ኦቨርድራፍት የለብኝም» የሚል ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ 700 ዶላር ደመወዝ ይገባል። ባንኩ ዕዳዬን ልውሰድ ብሎ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ገቢው ጉድለቱ ላይ ስለሚደመር የሚቀረው 585 ነው። ሰኞ ደግሞ የ650 ዶላር ኪራይ ይሳባል። ደመወዙ ብቻውን ኪራዩን ከፍሎ 50 ዶላር ይተርፈው ነበር፤ አሁን ግን 65 ጎደለው። ባንኩ ዳግመኛ ከሸፈነና 35 ካስከፈለ ሂሳቡ በ100 ዶላር ይጎድላል። እኔ ከቅጣቱ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው፦ የሐሙሱ ጉድለት የሰኞውን ወለደ።

በ2022 ካፒታል ዋን እና ሲቲ ክፍያውን አስቀርተዋል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካም ወደ 10 ዶላር አውርዶታል። ደግ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ቅጣቱ ቀረ እንጂ ባንኩ የሸፈነው ገንዘብ አልተሰረዘም፤ ቀጣዩ ገቢ ያንን መክፈሉ አይቀርም።

የሚገባው ገንዘብ ቼክ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ባለፉት ስድስት ወራት ቢያንስ ስድስት የባንክ ቀናት ከዜሮ በታች የነበረ ሂሳብ «ደጋግሞ የጎደለ» ተብሎ ስለሚመደብ፣ ባንኩ ቼኩን ከተለመደው በላይ እንዲያቆይ ደንቡ ይፈቅድለታል። ገንዘቡ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የሚከፈልበት ግን አይደለም። ስለዚህ መታየት ያለበት አጠቃላይ ቀሪው ሳይሆን አሁን ሊወጣ የሚችለው መጠን ነው።

ኪራዩን ማዳን የሚፈልግ ሰው መሯሯጥ ያለበት ደመወዙ ከመግባቱ በፊት ነው። አሠሪው ገንዘቡን ገና ካልላከ ወደ ሌላ ባንክ እንዲያዞረው መጠየቅ ይቻላል፤ ለባንኩ ደውሎ ክፍያውን እንዲያነሳ መለመንም፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አሮጌውን ሂሳብ ግን ጎዶሎውን ትቶ መሄድ አያዋጣም። ባንኮች 60 ቀን አካባቢ ጠብቀው ዕዳውን ወደ ኪሳራ መዝገብ ያዞራሉ፣ ሂሳቡን ይዘጋሉ፤ ቼክስሲስተምስ ለተባለው ድርጅትም ሊያሳውቁ ይችላሉ። እዚያ የገባ ስም እስከ አምስት ዓመት ስለሚቆይ፣ ሌላ ባንክ ሄዶ አዲስ አካውንት መክፈት ሊከለከል ይችላል።