3.6 ከ19 ሲበልጥ

በ2012 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቁሐር ሚካኤል አጎቴ ቤት ነበርኩ፡፡ አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፡፡ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፡፡ ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፣ ማርና ጠላ ትተዋል፣ ክኒናቸውንም አያዛንፉም፡፡ ያም ሆኖ ያን ሰሞን ወረታ ተመርምረው የጾም ስኳራቸው 187 ሆኖ ስለተገኘ ቤተሰቡ ተጨንቆ ነበር፡፡

ቡና እስኪፈላ ድረስ አጎቴ ከቁም ሳጥኑ ሁለት እሽግ ብስኩት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን አጠለቁ፡፡ ሁለቱንም ሊጠይቋቸው የመጡ ሰዎች ያመጡላቸው ናቸው፡፡

"ይሄኛው ስኳር 3.6 ግራም ይላል፡፡ ያኛው ደግሞ 19፡፡ እኔ 19ኙን ለልጆቹ እሰጥና ይሄን እበላለሁ፡፡ ጥንቃቄ ማለት ይኸው አይደለም?" አሉኝ፡፡

እሽጎቹን ተቀብዬ አገላበጥኳቸው፡፡ አጎቴ ቁጥሮቹን በትክክል ነበር ያነበቡት፡፡ ነገር ግን ከቁጥሮቹ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አላዩም፡፡ በመጀመሪያው እሽግ ላይ "ፐር ሰርቪንግ፣ 2 ብስኩት፣ 15 ግራም" ተብሏል፡፡ በሁለተኛው ላይ ያለው "ፐር 100 ግራም" ነው፡፡ 3.6 የተባለው የሁለት ትንንሽ ብስኩቶች ስኳር ሲሆን፣ 19 የተባለው ግን የ100 ግራም ነው፡፡

"ጋሼ፣ ወረታ ገበያ አንዱ ሩዙን በጣሳ ሌላው በኪሎ ዋጋ ቢጠሩልዎ የቱ ረከሰ ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው፡፡

"ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ሳላውቅ እንዴት ብዬ!" አሉ፡፡ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፡፡

ሒሳቡ እንዲህ ነው፡፡ የስኳሩን መጠን ለድርሻው ክብደት አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፡፡ 3.6 ለ15 ሲካፈል 0.24 ይሆናል፤ በ100 ሲባዛ 24 ይመጣል፡፡ እንግዲህ አጎቴ "አነስተኛ" ብለው ለራሳቸው ያስቀሩት ብስኩት በ100 ግራም 24 ግራም ስኳር ሲኖረው፣ ለልጆች የተላለፈው 19 ግራም ነው ያለው፡፡ 3.6 ከ19 በልጦ ተገኘ ማለት ነው፡፡

ሁለት ዓይነት አጻጻፍ በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገናኘው ዕቃው ከተለያየ አገር ስለሚመጣ ነው፡፡ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በታሸገ ምግብ ላይ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር መጻፍ ግዴታ ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ በአብዛኛው የታሸገ ምግብ ላይ ይሠራል፡፡ የድርሻው ቁጥር ቢጨመርም ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም፡፡ በአሜሪካ ግን ዋናው ቁጥር የአንድ ጊዜ ድርሻ ነው፤ የ100 ግራሙን ዓምድ ብዙ ጊዜ አናገኘውም፡፡ ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ዕቃ ከሱቅ ከተገዛው ጋር ስናስተያይ የምንሳሳተው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ድርሻው ራሱ ስንት እንደሆነ የሚወሰነውም እንደየአገሩ ነው፡፡ አሜሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለየምግቡ ዓይነት ያወጣው መነሻ ልክ አለ፡፡ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን አምራቹ ነው የሚወስነው፡፡ ድርሻው ባነሰ ቁጥር ስኳሩም፣ ጨውም፣ ቅባቱም ትንሽ መስሎ ይታያል፡፡ ሁለት ብስኩት የሚለው ጽሑፍ ሐሰት አይደለም፤ ጥያቄው ሁለት ብስኩት በልቶ የሚያቆም ማን ነው የሚለው ነው፡፡

አንዳንዱ እሽግ ደግሞ "2 ብስኩት" ብሎ ግራሙን ሳይጽፍ ይተወዋል፡፡ ያን ጊዜ የተጣራ ክብደቱን ፈልጎ በውስጡ ላሉት ብስኩቶች ቁጥር ማካፈል ነው፡፡ የአጎቴ እሽግ 75 ግራም ይመዝናል፤ በውስጡ 10 ብስኩት አለ፡፡ ስለዚህ አንዱ ብስኩት 7.5 ግራም ነው፡፡ ጽሑፉ ግራሙን ባይነግረን እንኳ በዚህ መንገድ እንደርስበት ነበር፡፡

"በአንድ ሻይ ስንት ይበላሉ?" አልኳቸው፡፡

"ግማሹን" አሉ፤ ጥቂት አሰቡና፣ "አንዳንዴ ግማሹን" ብለው አረሙት፡፡

ግማሹ አምስት ብስኩት፣ 37.5 ግራም ነው፡፡ በ100 ግራም 24 ከሆነ፣ በ37.5 ግራም 9 ግራም ስኳር ይገባል፡፡ ከሌላኛው ብስኩት ያንኑ ያህል ቢበሉ 7 ግራም ገደማ ነው፡፡ ልዩነቱ 2 ግራም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፡፡ አጎቴ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አደከመን?" አሉ፡፡ እውነታቸውን ነው፡፡ ግን አንድ መስመር ከፍ ብሎ ሌላ ቁጥር ነበር፡፡

ካርቦሃይድሬት የሚለው ጠቅላላውን ይይዛል፤ ስታርችም ስኳርም በውስጡ ናቸው፡፡ በ100 ግራም ስናሰላው የመጀመሪያው ብስኩት 70፣ ሁለተኛው 72 ግራም ካርቦሃይድሬት አላቸው፡፡ የብስኩቱ ዱቄት ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፤ ስለዚህ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው "ስኳር" የሚለውን መስመር ብቻ አይቶ መተው የለበትም፡፡ በዚህ መስመር ሁለቱ ብስኩቶች እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል፡፡ ማነስ ያለበት የሚበላው ብስኩት ብዛት ነው እንጂ አንዱን በአንዱ መለወጥ ብዙም አይጠቅም፡፡ "ስኳር የሌለው" የሚባለውንም ብስኩት የምንመዝነው በዚሁ መስመር ነው፡፡

ከዚያ በኋላ አጎቴ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው መጠጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጡ፡፡ ይህንንም ጠያቂ ነው ያመጣው፡፡ "ለስላሳ ከተውኩ ቆየሁ፤ ይሄ እንኳ ጁስ ነው" አሉ፡፡ በጠርሙሱ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 12 ግራም ስኳር ተጽፏል፡፡ ከብስኩቱ 24 ግራም ጋር ስናስተያየው ግማሽ ነው፡፡ ነገር ግን ብስኩትን በግማሽ እሽግ የሚያቆም ሰው መጠጥን ጠርሙሱን ሳይጨርስ አያቆምም፡፡ ጠርሙሱ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል፡፡ 12 ሲባዛ በ3፣ 36 ግራም ስኳር ነው፤ በሻይ ማንኪያ ዘጠኝ ይሆናል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ደግሞ 25 ግራም አካባቢ እንዲሆን መክሯል፤ በጁስ ውስጥ ያለውም ስኳር አብሮ ይቆጠራል፡፡ ከሻያቸው ሁለት ማንኪያ ስኳር ያስቀሩት አጎቴ በአንድ ጠርሙስ ዘጠኝ ይጠጡ ነበር ማለት ነው፡፡

የ100ው ቁጥር የሚያገለግለው ተመሳሳይ ነገሮችን ለማስተያየት ነው፤ ብስኩትን ከብስኩት፣ ጁስን ከጁስ፡፡ ምን ያህሉ ሰውነታችን ውስጥ እንደገባ ለማወቅ ግን የ100ውን ቁጥር በራሳችን ድርሻ፣ በእርግጥ በበላነውና በጠጣነው ልክ ማባዛት አለብን፡፡ በእሽጉ ላይ የተጻፈው ድርሻ የእኛ ድርሻ አይደለም፡፡

የፎገራ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ሩዝ ነው፡፡ የአገሩ ሩዝ በኪሎ ስለሚሸጥ ጽሑፍ የለበትም፡፡ ከውጭ የመጣ እሽግ ሩዝ ላይ ግን አንዱ "በ100 ግራም ደረቅ" ሲል ሌላው "በ100 ግራም የተቀቀለ" ይላል፡፡ ነጭ ሩዝ ደረቁ በ100 ግራም 360 ኪሎ ካሎሪ ገደማና 80 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው፣ ተቀቅሎ ሲመዘን 130 ኪሎ ካሎሪና 28 ግራም ካርቦሃይድሬት ገደማ ይሆናል፡፡ ሩዙ አልተለወጠም፤ የጨመረው ውኃ ነው፡፡ ሁለቱም ቁጥሮች "100 ግራም" ስለሚሉ የተቀቀለውን ያነበበ ሰው ስታርቹ ሲሶ የሆነ ልዩ ሩዝ ያገኘ ሊመስለው ይችላል፡፡ በዱቄት ወተትም፣ በዱቄት ጁስም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ የዱቄቱ ነው ወይስ የተበጠበጠው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡

አጎቴ ጠርሙሱን ሊጥሉት ሲነሡ ከለከልኳቸው፡፡ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ ክኒን የሚወስድ፣ ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፡፡ ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል፡፡ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይታያል፡፡ ከዚህ ጁስ 15 ግራም ስኳር የሚገኘው በ125 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ መሆኑ ነው፡፡ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፡፡

አጎቴ የድሮ የመምህርነት ልማዳቸው አልለቀቃቸውም፤ ደብተር አውጥተው "ቁጥሩ የስንት ግራም ነው? ደረቁ ነው ወይስ የተዘጋጀው? እኔስ ስንት እበላለሁ?" ብለው ሦስት ጥያቄ ጻፉ፡፡ ጁሱን "ለመድኃኒት" ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፡፡ የብስኩቱን ነገር ግን አንድ ጊዜ በሁለት ፍሬ እንዲያበቃ ከባለቤታቸው ጋር ተስማሙ፡፡

"እንግዲህ አሁን እንደ ፋብሪካው ልበላ ነው" አሉ እየሳቁ፡፡

ስኳር ያለበትን ዘመድ ለመጠየቅ ብስኩትና ጁስ አንጠልጥለን የምንሄድ ብዙ ነን፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ ሱቁ በር ላይ ቆም ብለን እሽጉን ከጀርባው እናንብበው፡፡