የቆንስላው በር በየት በኩል ነው?

እስራኤል ውስጥ ለአሜሪካ ቪዛ የተቀጠረ ሰው «ኤምባሲ» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ከቤቱ ቢወጣ፣ በተሳሳተ ከተማ ሊገኝ ይችላል። ኤምባሲው ለብዙ ዓመታት የነበረው ቴል አቪቭ፣ ሐያርኮን ጎዳና ቁጥር 71 ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መቀመጫው ወደ ኢየሩሳሌም፣ አርኖና ሰፈር፣ ዴቪድ ፍሉሰር ጎዳና ቁጥር 14 ሲዛወር የቴል አቪቩ ሕንፃ አልተዘጋም፤ ቅርንጫፍ ሆኖ ቀጠለ። ኢየሩሳሌም ውስጥም ቢሆን አግሮን ጎዳና ላይ የቀድሞው ቆንስላ ጄኔራል ሕንፃ አለ። ከዚያ ቀደም ደግሞ ቪዛ የሚሰጠው ናብሉስ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ቪዛ ያወጣ ወዳጅ ያየውን በር በቅንነት ቢጠቁመን እንኳ ሊያሳስተን ይችላል።

ረሆቮት የሚኖሩ አንዲት እናት አሜሪካ ያለ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ነው እንበል። የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ዜጎች እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ይጠይቃሉ። እኚህ እናት ግን በእጃቸው ያለው ተዑዳት ማዓባር ስለሆነ ቃለ መጠይቅ መቅረብ አለባቸው። ልጃቸው DS-160 የተባለውን ቅጽ ስትሞላ መጀመሪያ የተጠየቀችው ማመልከቻው የሚቀርብበትን ከተማ ነው። እዚያ የመረጠችውና በቀጠሮ ማረጋገጫው ላይ የወጣው ከተማ አንድ መሆናቸውን ሳታይ ኢሜይል ብትጽፍ፣ ጥያቄዋ ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል።

ይህን ካየች በኋላ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ይህን ያህል ብቻ ነው፦

«ለቪዛ ክፍል፦ እናቴ መጋቢት 10 ቀን ከጠዋቱ 8:30 ኢየሩሳሌም ለቃለ መጠይቅ ተቀጥረዋል። እባካችሁ የሕንፃውን የመንገድ ስምና ቁጥር በዕብራይስጥ ጻፉልኝ። ለቪዛ አመልካቾች የተለየ መግቢያ ካለ፣ በየትኛው መንገድ በኩል ነው? ከቀጠሮው ስንት ደቂቃ ቀድመው በሩ ላይ ይገኙ? ስልክና የእጅ ቦርሳ ይዞ መግባት ይቻላል? እናቴ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ስለሆነ አብሬያቸው መግባት እችላለሁ? አመሰግናለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ ነገር አለ። የፓስፖርት ፎቶ አልተያያዘም፤ «ቪዛው ይሳካ ይሆን?» የሚል ጥያቄም የለም። በአሜሪካ ሕግ የቪዛ መዝገብ ምስጢር ነው። ልጅቷ ስለ እናቷ ጉዳይ ከጠየቀች ቆንስላው መጀመሪያ ማንነቷን ማጣራት ይኖርበታል፣ ወይም ጭራሽ ላይመልስላት ይችላል። የበሩ ቦታ ግን የማንም ምስጢር አይደለም፤ ማንም ጠይቆ ሊነገረው ይችላል። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ከተቀላቀሉ ቀላሉ ጥያቄ ከከባዱ ጋር ተይዞ ይቀራል። ብዙ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲጽፉ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጭንቀታቸውን ሁሉ በአንድ ገጽ ያፈሳሉና።

መንገዱን በዕብራይስጥ መጠየቅ ለታክሲ ሾፌር ለማሳየት ይጠቅማል። ሰዓቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ወረቀቱ ላይ 8:30 የሚለው በእናቲቱ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በደብዳቤው እንደ ወረቀቱ ይጻፍ፤ ለእናት ግን በአማርኛው ይነገር። የስልኩ ጥያቄም ቀላል አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ቆንስላዎች ኤሌክትሮኒክስ አያስገቡም፣ የሚያስቀምጡበት ቦታም የላቸውም። ብቻቸውን የመጡ አመልካች ስልካቸውን የሚሰጡት ሰው ካላገኙ ፍተሻው ላይ ይቸገራሉ።

የሚጻፍበትን አድራሻ ከኤምባሲው ድረ ገጽ il.usembassy.gov መውሰድ ይሻላል። ከዚያ ተነስቶ ቀጠሮ ወደሚያስይዘው የግል ድርጅት የመልእክት ገጽ ቢመራም እንግዳ ነገር አይደለም። የበሩን ቦታ ለመንገር ገንዘብ ወይም የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ መልስ ከመጣ ግን የአጭበርባሪ ነው።

እውነተኛውም መልስ ቢሆን በጥሞና መነበብ አለበት። አንዳንዴ ለሁሉም የሚላክ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይመጣል፦ የመንገዱ ስም አለ፣ የመግቢያው ጉዳይ ግን ተዘሏል። ያን ጊዜ ረጅሙን ደብዳቤ መድገም አያስፈልግም። በዚያው መልስ ላይ «የቪዛ አመልካቾች መግቢያ በየትኛው መንገድ በኩል ነው?» የሚለውን ብቻ መጻፍ ይበቃል። የመልሱ አድራሻ ከቀጠሮ ማረጋገጫው ጋር ካልተስማማ ሁለቱንም አድራሻዎች ጎን ለጎን ጽፎ የትኛው ትክክል እንደሆነ መጠየቅ ነው። መልሱ ሲገኝ በወረቀት ይታተምና ከቀጠሮ ማረጋገጫው ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ እናቲቱ በሩ ላይ ሲደርሱ ስልኩ ልጃቸው ዘንድ ሊሆን ይችላልና።